በእኔ ስም የተጻፈው

ይህ ኑዛዜ ነው፤ ይቅርታ መጠየቂያ ግን አይደለም። ይቅር ማለት የሚገባት ሰው ሌላ ናት፤ እሷንም ቢሆን ይቅር በዪኝ ብዬ አላስቸገርኳትም። እናንተን የማስቸግረው የሠራሁትን ከነምክንያቱ እስከ መጨረሻው እንድታደምጡኝ ብቻ ነው። ምክንያት ስል ማመካኛ ማለቴ አይደለም፤ ምንም እንኳ ስጽፍ ሁለቱ እየተምታቱብኝ ደጋግሜ ብሰርዝም።

ደማም ውስጥ በአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ቢሮ ሰነድ ያዥ ነኝ፤ ማደሪያዬ ኮበር፣ ቱቅባ ሰፈር ነው። ማታ ማታ በአፕወርክ በኩል የአማርኛ ድምፅ ወደ ጽሑፍ እገለብጥ ነበር። ሥራው ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። አንድ ተመራማሪ ገጠር ሄዶ ገበሬዎችን ያነጋግራል፣ ይቀዳል፣ ቅጂውን ይልካል፤ ጸሐፊው የተባለውን ሁሉ ቃል በቃል ይጽፋል፤ ተናጋሪ በተለወጠ ቁጥር ደቂቃውንና ሰከንዱን ይመዘግባል፤ ያልሰማውን ደግሞ አልተሰማም ብሎ በቅንፍ ያስቀምጣል። ክፍያው በድምፁ ርዝመት እንጂ በደከሙበት ሰዓት አይደለም። አንድ ሰው ጸጥ ባለ ክፍል ብቻውን የተናገረበትን የአንድ ሰዓት ቅጂ ጎበዝ ጸሐፊ በአራት ሰዓት ይጨርሰዋል። ስምንት ሰው በአንድ ግቢ ተሰብስቦ፣ ከጎን ቡና እየተወቀጠ፣ ዶሮ እየጮኸ፣ አንዱ ያንዱን አፍ እየነጠቀ ሲያወራ ግን ስድስት ሰዓትም አይበቃው።

በዚህ ዓይነት ቅጂ ደግሞ አንድ የታወቀ ምልክት አለ። የብዙ ሰው ወሬ የተቀዳበት ጽሑፍ አንድም «አልተሰማም» የሚል ቅንፍ ከሌለበት፣ ጸሐፊው ያልሰማውን ከራሱ ሞልቶታል ማለት ነው። ይህን የማውቀው እኔም ስለሞላሁ ነው።

በ2022 እ.ኤ.አ. አንድ ተመራማሪ ከደቡብ ወሎ የተቀዱ ብዙ ቃለ መጠይቆችን ሰጠኝ። በደቂቃ 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ተስማማን። ብቻዬን እንደማልወጣው ገና ከመጀመሪያው አውቄ ነበር፤ ግን እምቢ ማለት አልቻልኩም። አልቻልኩም ማለቴም ትክክል አይደለም፤ አልፈለግሁም።

ይቅር ልትለኝ ከሚገባት ሴት ጋር ያገናኘችኝ የአብሮ አደጌ ሚስት ናት። ይህች ሴት ያኔ ኮበር ውስጥ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት ወሎ ውስጥ በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ችሎት ጸሐፊ ነበረች። ይህን ስሰማ ያሰብኩት ምን እንደነበር ልንገራችሁ። የችሎት ጸሐፊ ማለት ተከራካሪ የተናገረውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለመጻፍ ጣቱም ጆሮውም የሠለጠነ ሰው ነው። ያሰብኩትም ይህችን ሴት በደንብ ልጠቀምባት የሚል ነበር። ለራሴ የነገርኩት ግን «ያች ምስኪን ልጅ ትንሽ ገንዘብ ታግኝ» ብዬ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አስቤአቸዋለሁ፤ የመጀመሪያው ግን የቀደመ ይመስለኛል።

ኮምፒውተር አልነበራትም። ቅጂውን በቴሌግራም እልክላታለሁ፤ እሷ በስልኳ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ጽፋ ትመልስልኛለች። የምትጽፈው አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ነው፤ ስልኩን ብርሃኑን ዝቅ አድርጋ፣ ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዋ ብቻ ሰክታ፤ ሌላኛው ጆሮዋ ሕፃኑ ቢያለቅስ እንዲሰማላት። ይህን የነገረችኝ አዝንላት ብላ አይደለም። አንድ ቅጂ ውስጥ ዝቅ ያለ ድምፅ ስላመለጣት ለምን እንዳመለጣት ልታስረዳኝ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ ጥፋቴ በግልጽ የሚታየው እዚያ ነው። የአንድ ሰዓት ቅጂ 72 ዶላር ያወጣል። አፕወርክ በዚያን ጊዜ ከእያንዳንዱ ደንበኛ ከሚገኘው የመጀመሪያ 500 ዶላር ላይ 20 ከመቶ ይቆርጥ ነበር፤ 14 ዶላር ከ40 ማለት ነው። የቀረውን 57 ዶላር ከ60 እኩል እንካፈል አልኳት፤ ለእሷ 28 ዶላር ከ80 ደረሳት። «እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ግማሹን ለምን እንደምወስድ አልጠየቀችኝም፤ እኔ ግን ሳልጠየቅ መለስኩላት፦ አካውንቱ የእኔ ነው፣ ከደንበኛው ጋር የምነጋገረው እኔ ነኝ፣ ጽሑፉን ሰምቼ የማርመው እኔ ነኝ፣ አደጋውም የእኔ ነው።

ማረሙ በመጀመሪያ እውነት ነበር። ላፕቶፔ ላይ ድምፁን እየከፈትኩ ከጽሑፉ ጋር አስተያየው ነበር፤ ሰዓቱን የማስገባውም እኔ ነበርኩ። ጥቂት ቅጂዎች ካየሁ በኋላ የማርመው ነገር እንደሌለ ገባኝና ማዳመጡን ተውኩ። ግማሹን መውሰድ ግን አልተውኩም።

አደጋው የእኔ ነው ያልኩትም ከሁሉ የከፋው ውሸት ይመስለኛል። የሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ 39ኛ አንቀጽ የውጭ ሠራተኛ ከአሠሪው ውጭ ለሌላ ሰውም ሆነ ለራሱ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ መንግሥት የሚሰጠው የፍሪላንስ ሰነድም በዚያን ጊዜ ለዜጎች ነበር። ስለዚህ እኔም ቢሆን በኢቃማዬ ላይ እየቀለድኩ ነበር። ነገር ግን እኔ የራሴ ክፍልና በር አለኝ፤ ማታ ምን እንደምሠራ የሚያይ የለም። እሷ ሌሊት ስልክ ይዛ ብትገኝ ስልኳን ልትቀማ፣ ሥራዋን ልታጣ፣ ወደ ሀገሯ ልትላክ ትችል ነበር። የራሴን ትንሽ አደጋ ዋጋ አወጣሁለት፤ የእሷን ትልቅ አደጋ ግን ከቁጥር አላስገባሁትም።

ሰባተኛው የድምፅ ሰዓት ሲያልቅ ከዚህ ደንበኛ የተገኘው ገንዘብ 500 ዶላር አለፈ። በአሠራሩ መሠረት ከዚያ በኋላ የሚቆረጠው 10 ከመቶ ብቻ ነው። 14 ዶላር ከ40 ወደ 7 ዶላር ከ20 ወረደ። ድርሻዋ 32 ዶላር ከ40 መሆን ነበረበት። እኔ ግን 28 ዶላር ከ80 መላኬን ቀጠልኩ።

ይህን ያህል ዝርዝር የምነግራችሁ ልዩነቱ 3 ዶላር ከ60 ስለሆነ ነው፤ 13 ሪያል ተኩል። ብዙ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እፈራ ነበር። ማነሱ ደፋር አደረገኝ። የክፍያው ገጽ ፊቴ ሲከፈት አዲሱን ቁጥር አየሁት፤ አላየሁም ማለት አልችልም። «በሚቀጥለው እነግራታለሁ» አልኩ። በሚቀጥለው ደግሞ ይህን ከነገርኳት ያለፈውንም እንደምትጠይቀኝ ታየኝ። አንድ ጊዜ ዝም ያልኩት ሁለተኛውን ዝምታ ግድ አደረገብኝ፤ ወይም ግድ ያደረገብኝ መስሎ እንዲታየኝ ፈለግሁ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ቆረጣው አይቀንስም እንዴ?» ስትለኝ «እነሱ መች ይጠግባሉ» ብዬ ያላጠፋውን ድርጅት አማሁላት።

ስለ አካውንቱ ስም ነገርም ልናገር። በአፕወርክ ሕግ አንድ አካውንት የአንድ ሰው ነው፤ ለሌላ ማከራየትም ማጋራትም አይቻልም። ነገር ግን ከአንድ ሰው በላይ ሆኖ ለመሥራት የተፈቀደ መንገድ አለ፦ ኤጀንሲ ከፍቶ አብረው የሚሠሩትን እያንዳንዳቸውን በስማቸው ማስገባት፣ ለደንበኛውም ማሳወቅ። ይህን መንገድ አውቀው ነበር፤ አንብቤዋለሁ። የተውኩት ደንበኛው ስሟን ካየ በቀጥታ እሷን ሊቀጥር እንደሚችል ስለታየኝ ነው። በዚያ ላይ የተመራማሪው ውል ቅጂዎቹን ከእኔ በስተቀር ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው ያስገድድ ነበር። ቃላቸውን የሰጡት ገበሬዎች የፈቀዱት ለተወሰኑ ሰዎች ጆሮ ብቻ ነው። እኔ ግን የእነሱን ድምፅ በቴሌግራም እበትን ነበር፤ ምናልባትም የአገራቸው ልጅ ጆሮ ውስጥ። እሷ ያንን ውል አላየችም፤ ስላላሳየኋት።

መሳሳቴ የገባኝ በዚህ ሁሉ አይደለም። የገባኝ በአንድ አጭር መልእክት ነው።

ከቅጂዎቹ አንዱን እኔው ራሴ ጽፌ ነበር። አንዲት እናት ባሏ ከሞተ በኋላ እንዴት እንደቆመች ትናገራለች። እኔ የሰማሁት «ቅሬታ ነው ያነሳሁ» የሚል ነበር፤ እንዲያው ጻፍኩት። እሷ ቀጣዩን ቅጂ ልትሠራ መነሻው እንዲገባት ያንን ልኬላት ኖሮ፣ አንብባ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ሴትዮዋ ቅሬታ አላሉም። ቅሬ ነው ያነሳኝ ነው ያሉት» አለች። ቅሬ በወሎ ገጠር እኛ አዲስ አበባ እድር እንደምንለው ነው፤ ሬሳ ይቀብራል፣ ኀዘንተኛ ያጽናናል፣ የወደቀ ያነሳል። መልሼ ሰማሁት፤ እንዳለችው ነው። ጎረቤቶቿ ያነሷትን ሴት እኔ ቅር የተሰኘች አቤቱታ አቅራቢ አድርጌአት ነበር። ጥናቱ ደግሞ ድርቅ ሲመጣ ሰዎች በማን ላይ ይደገፋሉ የሚል ነው።

አርሜ ላክሁት። ተመራማሪው በጣም ደስ አለው። ከዚህ በፊት ሌሎች ጸሐፊዎች ያሳለፉትን እኔ በማግኘቴ አመሰገነኝና ጠየቀኝ፦ የአዲስ አበባ ልጅ መሆንህን ገጽህ ላይ አይቻለሁ፤ የወሎን አነጋገር እንዲህ ጠልቀህ እንዴት አወቅህ?

«እናቴ የወሎ ሰው ናት» ብዬ መለስኩለት።

እናቴ የሰላሌ ሰው ናት። ወሎን እኔም እናቴም በመንገድ እንጂ አናውቀውም። ያንን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ልኬ ስጨርስ ተቀምጬ ቀረሁ። ገንዘቡን ስወስድ የምሰጠው ስም ነበረኝ፤ ድርሻ፣ ድካም፣ አደጋ እለው ነበር። ለዚህ ግን ስም አጣሁለት። የሰው አገር ወስጄ እናቴ ላይ ለጠፍኩት። እናቴ በሕይወት የለችም፤ ይህ ነገሩን አያብሰውም አያቀለውም፤ እውነት ስለሆነ ብቻ እናገረዋለሁ።

ያኔ ገባኝ አልኩ። ገባኝ እንጂ አቆምኩ አላልኩም። ይህ የኑዛዜዬ ዋናው ክፍል ነው፦ ካወቅሁ በኋላም ቀጥያለሁ። ተመራማሪው አምስት ኮከብ ሰጠኝ፣ የወሎ አነጋገር ዕውቀቴን አሞግሶ ምስክርነት ጻፈልኝ፤ በዚያ ምስክርነት ሌላ ሥራ መጣልኝ፤ እሱንም ከፊሉን ለእሷ ሰጠኋት። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ባሰብኝ። በረመዳን የሰው ቤት ሌሊቱን አይተኛም፤ ወጥ ቤቱ እስከ ሱሁር ይሠራል። «ጋሼ፣ እስከ ዒድ ይታገሱኝ» አለችኝ። እኔ ግን ቀነ ገደቡን አስታወስኳት። ልካለች። መቼ እንደጻፈችው አልጠየቅሁም፤ መልሱን ስለማውቀው።

ኮንትራቷን ጨርሳ ኤግዚት ወጣች። ደሴ ገብታ ላፕቶፕ ገዛች፣ በስሟ አካውንት ከፈተች። ለሥራ ባመለከተች ቁጥር ከዚህ በፊት ምን ሠርተሻል ይሏታል። እሷ በዚያ ሥራ ከብዙዎቻችን በላይ ሠርታለች፤ ገጿ ላይ ግን ባዶ ነው። አንድ ቀን የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፦ «ጋሼ፣ የሠራሁትን የሚገልጽ አንድ ወረቀት ይላኩልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሥራ በዝቶብኛል አልኳት። ከዚያ ኮምፒውተሬ ተበላሽቷል አልኳት። በመጨረሻ ደግሞ «ሥራው ምሥጢራዊ ነው፣ ማን እንደሠራው መግለጽ በውል ተከልክሏል» አልኳት። እኔው በገዛ እጄ የጣስኩትን ውል እሷን ለመከልከል አወጣሁት። ለገንዘቡ ውሸት ማረፊያ ሰጥቼው ነበር፤ ይህኛው ግን ሌሊት ቀሰቀሰኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ለተመራማሪው እውነቱን የጻፍኩት። ደፋር ሆኜ አይምሰላችሁ፤ የእሱ ሥራ ወደ ማለቁ ስለነበር የማጣው ጥቂት ነበር። የቅሬን ነገር ማን እንዳወቀው፣ ጽሑፎቹን ማን እንደጻፋቸው፣ እናቴ ከየት እንደሆነች ጻፍኩለት፤ ቀሪውን ሥራ ለእሷ እንዲሰጣትም ለመንኩት። መልሱ አጭርና ጨዋ ነበር። ቃላቸውን የሰጡት ሰዎች ያላወቁት ጆሮ ሰምቷቸዋልና ጉዳዩን ለዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማሳወቅ ግዴታው መሆኑን ነገረኝ፤ በእኔም በእሷም እጅ ያለው ቅጂ ሁሉ እንዲጠፋ ጠየቀኝ፤ ውሉን ዘጋው። ለእሷም ሥራ ሊሰጣት አልቻለም፤ ያለ ፈቃድ ቅጂውን የሰማች ሰው ሆናለችና። ኑዛዜዬ ለእኔ እፎይታ ሲሆን፣ ለእሷ የተዘጋ በር ሆነ። ቀድሜ በትክክለኛው መንገድ ስሟን አስገብቼ ቢሆን ውሉን ራሷ ትፈርም ነበር።

የተቆረጠባትን ልዩነት ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ ማረሙን ከተውኩ በኋላ የወሰድኩትንም ግማሽ ጨምሬ በሐዋላ ላክሁላት። ደወለች። «የምንድን ነው ጋሼ?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቆረጣውን፣ ምስክርነቱን፣ እናቴን። ስልኩ ላይ ቆይታ ቆይታ «ገንዘቡ ደርሶኛል» አለች። ቀጥላም «ወረቀቱስ?» አለችኝ።

ወረቀቱን በዚያው ሌሊት ጻፍኩት። ስንት ሰዓት ቅጂ እንደገለበጠች፣ ምን ዓይነት ቅጂ እንደነበር፣ የእኔን ስህተት ጭምር እንዳረመች በስሜና በፊርማዬ አረጋግጬ ላክሁላት። አካውንቴንም ዘጋሁት፤ ያ ግን ለእሷ የሚጨምርላት ነገር የለም፤ የተሰጡኝ ኮከቦችና ምስክርነቶች ከአንድ ሰው ስም ወደ ሌላ ሰው ስም አይዛወሩም። የእኔ ወረቀት ደግሞ ውል አፍርሶ የተባረረ ሰው ወረቀት ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሥራ አመልክታበታለች፤ እስከ ዛሬ የተቀበላት የለም።